ጥለቱ ወደ ላይ

ፀደንያ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እስቲ እዪው እትዬ ሀምዲያ፣ አላማረም?» ስትለኝ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። የሐበሻ ቀሚስ ነው። ደረቱ ሞልቷል፣ ወገቡ ገባ ብሏል፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ትንሽ ተሸብሽቧል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። አንገቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የጀርባው ስፌት ከውስጥ በኩል ይታያል።

«አዑዙ ቢላህ፤ የለበሰችውን የት አደረስሻት?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ለእሷ ሥራ ነው። ቀሚሱን ለፕላስቲኳ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ታለብስና ከፊት ታነሳታለች፤ ከዚያ ታወልቅና የአንገቱን ውስጠኛ ክፍል ለብቻው ታነሳለች። ሁለቱን ፎቶ ለስልኳ ፕሮግራም ትሰጥና በእንግሊዝኛ ትጽፍለታለች፦ አሻንጉሊቷን አጥፋ፣ ልብሱ ግን ሰው እንዳለበት ሆኖ ቅርጹን ይያዝ፣ የአንገቱ ውስጥ ይታይ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ጥለቱን እንዳትነካ። ይህ የሚጻፈው ነገር ፕሮምፕት ይባላል። እኔ በልቤ ድግምት ነው የምለው፤ ምክንያቱም አንዲት ቃል ከተሳሳተ የተጠራው ሳይሆን ሌላው ነው የሚመጣው።

የእኔ ሱቅና የአስናቀው ሱቅ ሸማ ተራ ውስጥ ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየን አንድ ጣውላ ነው። እኔ ከዱባይ ተራ እያመጣሁ ሻርፕና ሒጃብ እሸጣለሁ፤ አስናቀው ከአባቱ የወረሰውን የሸማ ሱቅ ይዟል። ሰው ገበያ መውጣት ትቶ ስልኩ ውስጥ መሸመት ሲጀምር እሱም ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተና ፀደንያን ቀጠራት። ግራፊክስ የተማረች፣ ኮንዶሚኒየም ያደገች፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ጠዋት ገብታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ከስልኳ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። በጣውላው በኩል ሁሉንም እሰማለሁ፤ ጆሮዬን የምደፍንበት ምክንያትም አልታየኝም።

ባዶው ቀሚስ ለወጣቶቹ ልብስ አዋጣ። ለእናቶች ልብስ ግን አልሆነም። አንዲት ደንበኛ ቻናሉ ላይ «የሟች ልብስ ይመስላል፣ እባካችሁ ሰው አስገቡበት» ብላ ጻፈች። ሌሎችም ተከተሏት። አስናቀው ጣውላውን አንኳኩቶ አነበበልኝና «እውነታቸውን ነው» አለ። ድምፁ እንደ ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ፀደንያ ሰው ማስገባት ጀመረች። «ኢትዮጵያዊት እናት» ብላ ስትጽፍ ማሽኑ የሃያ ዓመት ኮረዳ ላይ ሽበት ነስንሶ አመጣላት። «ነጠላ» ስትለው አንዴ የሕንድ ሳሪ፣ አንዴ የመታጠቢያ ፎጣ ትከሻ ላይ ጣለ። «የሚፈስ ጨርቅ» ብላ ስትጽፍ ደግሞ የእጅ ሸማውን ሳቲን አድርጎ አብለጨለጨው። ይህን ሲያይ አስናቀው ተቆጣ።

«እኔ ሳቲን አልሸጥም ፀዲ። ሸማ እንዲህ አይወድቅም። ሸማ ወገቡ ጋ ነፋ ይላል፣ ከዚያ እጥፋቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ደንበኛዋ እጇ ላይ ሲደርስ ዋሾ ትለኛለች።»

እውነቱን ለመናገር አስናቀው በጨርቅ የማይዋሽ ሰው ነው። ስንቱ ፈትል ያልሆነውን ፈትል ነው እያለ በሚምልበት ተራ እሱ «ይኼኛው የፋብሪካ ድር ነው» ብሎ ቀድሞ ይናገራል።

ፀደንያ ቀስ በቀስ ገባት። «ማሽኑ ስም አያውቅም እትዬ ሀምዲያ፤ ስም ሳይሆን ሁኔታውን ነው መንገር» አለችኝ አንድ ቀን። ነጠላ ማለቱን ተወችና እንዲህ ብላ ትጽፍ ጀመር፦ ስስ፣ በእጅ የተሸመነ ነጭ ጥጥ፣ ሁለት ድርብ፣ ብርሃን በትንሹ የሚያሳልፍ፣ የማያብለጨልጭ፣ ጫፉ ላይ አንድ መዳፍ የሚሆን ባለቀለም ጥለት ያለው፣ ሁለቱንም ትከሻ የሸፈነ፣ አንዱ ጫፍ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ የተጣለ። ቀሚሱ ደረቱ ላይ የላላ፣ ወገቡ ላይ በስሱ የተያዘ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም። አቋቋሟ ወደ ጎን ትንሽ የዞረ፣ ክብደቷ አንድ እግሯ ላይ፣ ቀኝ እጇ የነጠላውን ጠርዝ ያዝ ያደረገ፣ ጣቶቿ አምስት። ጣቶቹን ካልነገሩት ስድስት ያበጃል፤ ወይም ከጨርቁ ጋር ይሰፋቸዋል።

ልብሱ ተስተካከለ። ፊቱ ግን አልሆነም። ከየት አገር እንደሆነች የማትታወቅ ቆንጆ ሴት ነበር የሚያመጣው፤ ደንበኞቹም «ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት?» ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው አስናቀው «የእናቴን ፎቶ ተጠቀሚ» ያለው።

እቴቴ የአስናቀው እናት ናቸው። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው ሸማ ተራ ውስጥ ያረጁ፣ ተራው ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ይዘው ሁለት ወንዶች ልጆች አሳድገዋል፤ አንዱ አስናቀው፣ ሁለተኛው ኢዩኤል። ኢዩኤል በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን፣ ጸልዪልኝ እማዬ» ብሎ በአስናቀው ስልክ ከደወለ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ይህ ከሆነ ሦስተኛው ዓመት ነው።

ሰው ሁሉ በሆዱ ደመደመ። እቴቴ ግን እንቢ አሉ። «ያላየሁትን አልቀብርም» አሉ። እንቢታቸውም በአፍ ብቻ አልነበረም። የእኛ አገር ሰው እንደሚያውቀው፣ ክርስቲያን ሴት ለቅሶ ስትደርስ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ በደስታ ጊዜ ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በኀዘን ጊዜ ወደ ላይ፣ አንገት ላይ ይወጣል። እቴቴ ኢዩኤል ከጠፋ ወዲህ ለማንም ለቅሶ ነጠላ አላዘቀዘቁም። የጎረቤት ለቅሶ ሲሆን ከእኔ ሱቅ የወሰዱትን ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። «እኔ ነጠላዬን ካዘቀዘቅሁ ልጄን በገዛ እጄ ቀበርኩት ማለት ነው» ብለውኛል። ተራው ሁሉ ይህን ያውቃል። የእቴቴ ነጠላ የተዘቀዘቀ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ አይጠይቅም።

ፎቶ ሊነሡ የመጡ ዕለት እኔም ነበርኩ። ፀደንያ የሱቁ በር ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት አቁማቸው ከፊትም ከጎንም አነሣቻቸው። እሳቸው መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር።

«እኔ ሳልለብሰው እንዴት ነው የለበስኩት የምታደርጊኝ?» አሉ።

«ፊትዎን እወስድና ልብሱን በጽሑፍ አለብስዎታለሁ፣ እቴቴ። ሺህ ሰው ያያል። ውጭ አገር ያሉትም ያያሉ።»

እቴቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አሉ፦ «ውጭ ያሉትም? እንግዲያው አንሺኝ። ኢዩኤልዬ ያለበት ሆኖ ያየኝ ይሆናል። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል እንጂ እናቱን ሲያይ ይደውላል።»

እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አስናቀው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ። ስልኩ ግን ባንኮኒው ላይ ነበር፤ እዚያው ረስቶት ነው የሄደው። ያን ጊዜ ወንድሙን አስታውሶ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የእቴቴ ፎቶዎች ቻናሉን አሞቁት። ፀደንያ «ፊቷን አትንካ፣ መጨማደዷን አትሰርዝ» ብላ ስለምትጽፍ ቁርጥ እሳቸውን ይመስላሉ፤ ቁመታቸው ብቻ ትንሽ ረዝሞ። እቴቴም በየቀኑ ሱቅ እየመጡ «ማን አየኝ?» ይላሉ። ፀደንያ ያዩትን ሰዎች ቁጥር ትነግራቸዋለች። የፈለጉት ቁጥር አልነበረም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

ለእናቶች አዲስ ልብስ ገብቷል፤ ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴና ወርቃማ፣ ሸማኔው የተጠበበበት። ችግሩ ስልክ ላይ ነው። ቻናሉ ላይ ፎቶው ሲወጣ ከላይ ያለው ወገን ነው ጎልቶ የሚታየው፤ ጥለቱ ደግሞ እግር ሥር ወርዷል። ሰው ጥለቱን ሳያይ ያልፋል፣ የሚሸጠው ደግሞ ጥለቱ ነው። አስናቀው ጠዋቱን «ጥለቱ ይታይ» እያለ ሲነዘንዛት ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ስለሆነ ተራው ሰው በሰው ላይ ነው፤ እሱ ይሸጣል፣ እሷ ትጽፋለች።

ፀደንያ ሁለት አዘጋጀች። አንዱን እንደወትሮው። ሁለተኛውን ግን፦ ባለጥለቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን፣ ትከሻና አንገት ዙሪያ ይረፍ፣ ፊቷን እንደ ፍሬም ይክበብ፤ ጨርቁ ከትከሻ ላይ በቀስታ ይውደቅ፤ ሴትዮዋ አገጯን ቀና አድርጋ ፈገግ ትበል። በእንግሊዝኛ ይህ ምንም ነውር የለበትም። ላይ ማለት ላይ ነው፣ ጠርዝ ማለት ጠርዝ ነው። ማሽኑም የታዘዘውን በትክክል ሠራ። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ያለ የነጠላ አወዳደቅ ሠርቶ አያውቅም፤ እጥፋቱ፣ ስስነቱ፣ ትከሻ ላይ ያለው ክብደት፣ ሁሉም ልክ ነበር። ልጅቱ ለስንት ጊዜ ሳሪና ፎጣ ሲያመጣባት ኖሮ እውነተኛ ነጠላ ስታይ ደስታዋ ዓይኗን ሸፈነው። የእሷ ዕድሜ ልጆች ለቅሶ የሚሄዱት በጥቁር ሹራብ ነው፤ ነጠላ የሚያውቁት ለበዓል ነው።

ሁለቱንም ለአስናቀው ላከችለት። በጣውላው በኩል «የትኛውን ልልቀቀው ጋሼ?» ስትለው ሰማሁ። ከደንበኛ ጋር የጀመረውን ክርክር አቋረጠ። ከዚያ «ሁለተኛውን» አለ። እኔ አንዲት ሙሽራ የሒጃብ ቀለም አልመርጥ ብላ እያንገላታችኝ ስለነበር ፎቶውን አላየሁትም።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ኃይለልዑል ደወሉልኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት የተራው እድር ነው።

«ሀምዲያ፣ ሰምተሻል? የኢዩኤል መርዶ ተነግሯል።»

«ማን ነገራቸው?»

«ቤተሰብ ይሆናላ። እቴቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ፎቶዋ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ያለችው እኅቷ ሳትቀር አይታ እያለቀሰች ነው። እኛ ከቅዳሴ ወጥተን እየሄድን ነው፤ ድረሺ።»

ያን ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ አለቀስኩ። ሻርፔን አድርጌ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ቴሌግራሙን የከፈትኩት። ፎቶው እዚያ አለ። እቴቴ ናቸው፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ወጥቷል። ከሥሩ «ለእናቶች አዲስ ገብቷል፣ በሁሉም ልክ አለን» ይላል። እቴቴ ፈገግ ብለዋል። ነጠላ አዘቅዝቃ የምትስቅ እናት የት ታይታለች? ግን ሰው ፎቶውን ብቻ ቆርጦ ነው የተላላከው፤ ጽሑፉን ማን ያነባል? ፈገግታውንም «ደንግጣ ነው፣ ሐሞቷ ፈስሶ ነው» ብለው ተርጉመውታል። አገራችን ለትርጉም ሰነፍ አይደለችም።

አስናቀው ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ፀደንያ ጋ ደወልኩ፤ ተኝታ ነበር። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ከአልጋዋ ዘላ ስትወርድ ሰማሁ። «ነይ፣ አሁኑኑ ነይ» ብዬ ዘጋሁ። እቴቴ ዘንድ እንዳልደውል ስልክ አይዙም። ሌላው ሰው ደግሞ ለምን ደውሎ አላጣራም እንዳትሉኝ፤ ለቅሶ በስልክ አይጠየቅም፣ ይደረሳል። «ልጅሽ ሞቷል ወይ?» ብሎ የሚደውል ሰው ከእኛ ዘንድ የለም።

የእቴቴ ቤት ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ባጃጁ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ወርጄ ሮጥኩ። ደርሼ ያየሁት የሴቶቹን ጀርባ ነው። ግቢው ሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል። በሰው መሐል እየተጋፋሁ «ቆዩ፣ ስህተት ነው» እላለሁ፤ ሰው ግን እያለቀስኩ የምለፈልፍ መስሎት መንገድ ይለቅልኛል፣ ጀርባዬን ይደባብሰኛል።

እቴቴ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። እጃቸው እርጥብ ነበር፤ ዕቃ ሲያጥቡ ነው የተደረሰባቸው። አንድ በአንድ የሰዎቹን ትከሻ አዩ። ማንንም አልጠየቁም። ጋሽ ኃይለልዑል ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እቴቴ» አሉ።

«እናንተ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው» አሉ እቴቴ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእኔ የነገረኝ ግን የለም» አሉ።

ይህን የሰማነው ፊት የነበርነው ጥቂቶች ብቻ ነን። ጋሽ ኃይለልዑል ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ አፌን ስከፍት እቴቴ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደዱ። ጫፉን ከታች ሰብስበው አነሡት፤ እርጥብ እጃቸው ጨርቁ ላይ እየተጣበቀ አስቸገራቸው። ጥለቱን አንገታቸው ላይ አደረጉና ጮኹ። ሦስት ዓመት ያመቁት ጩኸት ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው አንገት ሲወጣ አልሰማሁም፤ አላህ ዳግም አያሰማኝ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ወለሉ ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ እጃቸውን ይዤ በጆሯቸው «እቴቴ፣ ይስሙኝ፣ የሞተ የለም፤ ፎቶ ነው፣ የሱቁ ፎቶ ነው» እላቸዋለሁ። አይሰሙኝም። በመጨረሻ ጋሽ ኃይለልዑል በከዘራቸው ወለሉን መትተው ሰውን ዝም አሰኙ። ያን ጊዜ ፀደንያ ደረሰች፤ ፀጉሯ እንኳ አልተያዘም። ሰዉን እየገፋች መጥታ እቴቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ እቴቴ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጥለቱ ስልክ ላይ እንዲታይ ብዬ ወደ ላይ ይሁን አልኩት። መዘቅዘቁን አላሰብኩም፤ በማርያም አላሰብኩም። ስለ ኢዩኤል ምንም አልተባለም። ይኸው» ብላ ስልኳን ከፈተች፤ የጻፈችውን እያነበበች በአማርኛ ትተረጉምላቸው ጀመር። «ጠርዙ ወደ ላይ፣ አንገት ዙሪያ፣ ፊቷን ይክበብ… ይኸው፣ ስለ ኀዘን አንድም ቃል የለበትም።»

እቴቴ የስልኩን ብርሃን አዩ። ራሳቸውን አዩ፣ ፈገግ ብለው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ።

«አይደሉም። እኔ የሠራሁት ነው።»

«መርዶ አልመጣም?»

«አልመጣም።»

ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ ተለቀቀ። አንዷ ሴት እልልታ ጀመረች፤ ሌላዋ «ስብሐት ለአብ» አለች። እኔ ፀደንያን በጥፊ ላጠናግራት ወይስ ልቀፋት ተቸግሬ ነበር፤ አቀፍኳት። እቴቴ ግን አልሳቁም። «አንዴ ያለቀስኩትን እንዴት እመልሰዋለሁ?» አሉና እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ጥለቱን ከአንዱ ትከሻቸው አወረዱ። ወደ ሁለተኛው ሲደርሱ አስናቀው በር ላይ ቆሞ አዩት።

መቼ እንደመጣ አላየሁም። ሰው መንገድ ከፈተለት። ጋሽ ኃይለልዑል «ና ልጄ፣ ስህተት ነው፣ ተጣራ፤ እናትህን አጽናና» አሉት። አልተንቀሳቀሰም።

«ሁለት ፎቶ ነበር ያዘጋጀሁት» አለች ፀደንያ ለእቴቴ፣ ጥፋቷን ጨርሳ ለመናገር ብላ። «አንዱ ትክክለኛው ነበር። ጋሼ ሁለተኛውን አሉኝ፣ ለቀቅሁት።»

እቴቴ ልጃቸውን አዩት። «አንተ ነህ የመረጥከው?»

«አዎ እማዬ።»

«ሸማ ተራ ተወልደህ? የጥለት አቅጣጫ ጠፍቶህ?»

አስናቀው የበሩን መቃን ያዘ። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ፤ ወይም ሊገባኝ ጀመረ። ይህ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሸማውን ድር ቅጥነት በጣቱ የሚለይ ሰው ነው። ጥለት ወደ ላይ ሲሆን፣ ያውም በእናቱ አንገት ላይ፣ አይቶ ሊያልፈው አይችልም። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ፈለግሁ።

«በል እንግዲህ» አሉ እቴቴ። «ልጅቷ ስህተት ነው ብላኛለች። አንተም ስህተት ነው በለኝና ነጠላዬን ላውርደው።»

አስናቀው ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። እናቱ ዘንድ መጥቶ ተንበረከከ።

«እማዬ» አለ፣ «አምና ነው፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ። አብሮት የነበረው ልጅ ከጣሊያን ደውሎ ነገረኝ። ጀልባዋ ስትገለበጥ በዓይኑ አይቶታል። ልነግርሽ ስንት ጊዜ መጣሁ፤ በሩን ስትከፍችልኝ ‹ደወለ ወይ?› ትይኛለሽ። አቃተኝ። ትናንት ፎቶውን ሳየው፣ እንደዚያ ለብሰሽ ስትስቂ ሳይሽ… ቃሉ ከአፌ ወጣ። ሰው ያውቅልኛል፣ እኔ ከምናገረው ሰው ይናገርልኝ አልኩ መሰለኝ። አላውቅም እማዬ። አላውቅም።»

ተናድጄበት ነበር፤ እንዲህ ያለ መርዶ ለማሽን ይሰጣል? ደግሞም አዘንኩለት። ዓመት ሙሉ ከጣውላው ማዶ ሲስቅ፣ ሲሸጥ፣ ሲከራከር እሰማው ነበር፤ ይህን ይዞ።

እቴቴ አላለቀሱም። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነው፣ እጃቸው ነጠላቸው ላይ ቀርቷል፤ አንዱ ትከሻ ወርዶ፣ አንዱ እንደተዘቀዘቀ። ወዴት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ።

አስናቀው እጁን ዘረጋ። የወረደውን ጫፍ ቀስ ብሎ ከእናቱ ጉልበት ላይ አነሣ፣ እጥፋቱን ለየ፣ እርጥቡን ወደ ውስጥ መለሰ። ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ እንደሚያደርገው በሁለት እጁ ትከሻቸው ላይ አሳረፈው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አደረገና አንገታቸው ላይ አስተካከለው።

«እንዲህ ነው እማዬ» አለ።

እቴቴ ራሳቸውን ደረቱ ላይ ጣሉ። ሴቶቹ እንደገና ተነሡ፤ እኔም ሻርፔን ወገቤ ላይ አሠርኩ። ፀደንያ ከጎኔ ቆማ የራሷን ነጠላ የለበሰች መስሏት ትከሻዋን ትዳብስ ነበር፤ ቲሸርት ብቻ ነበር የለበሰችው።